የልጅ ክንድ ሲቃጠል፦ በምን ይቀዝቅዝ? በምን ይሸፈን?

የፈላ ውሃ በልጅ ክንድ ላይ ሲፈስ በቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የየራሱን መላ ይዞ ይመጣል። አንዱ የጥርስ ሳሙና ያነሣል፣ ሌላዋ እንቁላል ትሰብራለች፣ ጎረቤት ሊጥ ይዛ ትደርሳለች፣ አባት ደግሞ ልጁን በጋቢ ጠቅልሎ መኪና ፍለጋ ይሮጣል። ሁሉም የሚያደርጉት ከጭንቀትና ከፍቅር ነው፤ ቆዳው ግን ከእነዚህ ከአንዱም አይጠቀምም። በዚያች ሰዓት ቤተሰቡ በእውነት የሚወስነው ሁለት ነገር ነው፦ ክንዱ በምን ይቀዝቅዝ፣ ከቀዘቀዘ በኋላስ በምን ይሸፈን። የመጀመሪያው ውሳኔ ቃጠሎው ምን ያህል ወደ ውስጥ እንደሚገባ ይነካል፤ ሁለተኛው ደግሞ ሕመሙን፣ ኢንፌክሽኑንና የመዳኛ ጊዜውን። እኔ ቁስል ከሚያጥቡትና ከሚያሽጉት ወገን ስለሆንኩ በሁለቱም ላይ የማዳላለት ምርጫ አለኝ፤ ምክንያቴን እየተናገርኩ አወዳድራቸዋለሁ።

ከውሃው በፊት፦ እጅጌው

ሹራብ በለበሰ ልጅ ላይ የፈሰሰ ሻይ ቆዳውን ነክቶ አይሄድም። ሹራቡ መጥጦ ይይዘዋል፣ ክንዱም ከውጭ ሳይታይ መቃጠሉን ይቀጥላል። ስለዚህ ልብሱ ወዲያው ይወልቅ፤ በጭንቅላት ማውለቅ ካስቸገረ በመቀስ ይቀደድ። አምባርም ሆነ በእጅ አንጓ ላይ የታሰረ ክር በዚያው ይውጣ፤ ክንዱ በሰዓታት ውስጥ ያብጣልና በኋላ አልወጣ ብሎ የደም ዝውውርን ያንቃል። ከቆዳው ጋር የተጣበቀ ጨርቅ ካለ ግን አይጎተትም፤ ዙሪያው ተቆርጦ የተጣበቀው ባለበት ይቀራል። እንዲህ ያለው ነገር የሚያጋጥመው በተለይ እሳት ሲይዝ ቀልጦ በሚጣበቅ ናይለን ልብስ ነው።

ከምድጃ ወይም ከከሰል እሳት ልብሱ የተቀጣጠለ ልጅ እንዲሮጥ አይተው፤ ሩጫ ነበልባሉን ያራግባል። መሬት ላይ አስተኝቶ በጋቢ ወይም በወፍራም ብርድ ልብስ ማፈን ነው። ነጠላ ለዚህ አይሆንም፤ ስስ ስለሆነ ራሱ ይቀጣጠላል።

የፈሰሰው ምን እንደሆነም ማወቅ ይጠቅማል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው፤ ይህ ግን ማንንም አያጽናና፤ የልጅ ቆዳ በ60 ዲግሪ ውሃ እንኳ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ክፉኛ ይቃጠላል። ሽሮ፣ ገንፎና ወጥ ከውሃ ይብሳሉ፤ ወፍራም ስለሆኑ ቆዳ ላይ ተለጥፈው ሙቀታቸውን ይዘው ይቆያሉ። የጋለ ዘይት ደግሞ ሙቀቱ ከውሃ በጣም የበለጠ ነው። በነዚህ የተቃጠለ ክንድ ላይ ላዩን የሚታየው መቅላት ቀላል ቢመስልም ጥልቀቱ የከፋ ሊሆን እንደሚችል አስቀድሞ መጠርጠር ይገባል። ነበልባል በቀጥታ ያገኘው ቆዳም እንደዚያው ነው።

የማቀዝቀዣዎቹ ንጽጽር

ውሃው ከፈሰሰና ልብሱ ከወለቀ በኋላም ሙቀቱ በቆዳው ውስጥ ይቀራል። በቃጠሎው መካከል የሞተ ሥጋ ይኖራል፤ እሱን የሚመልሰው የለም። በዙሪያው ግን የተጎዳ፣ ነገር ግን ገና ያልሞተ ክፍል አለ፤ በሚቀጥሉት ሁለት ቀናት ውስጥ ወይ ያገግማል ወይ ይሞታል። ማቀዝቀዝ የሚሠራው ለዚህ ክፍል ነው። ስለዚህ የሕመም ማስታገሻ ብቻ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው።

ከሁሉ የተሻለው በቧንቧ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ነው። በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ወደ 2,500 የሚጠጉ የተቃጠሉ ሕፃናት የተካተቱበትና በ2020 የታተመ ጥናት፣ ሙሉ 20 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ የቀዘቀዘላቸው ልጆች የቆዳ ንቅለ ተከላ የማስፈለጉ ዕድል ወደ 40 በመቶ ገደማ መቀነሱን አሳይቷል። 20 ደቂቃ የሚያለቅስ ልጅ ይዞ ለቆመ ሰው ረጅም ነው፤ አብዛኛው ሰው ሦስትና አራት ደቂቃ ሲሞላው በቃ ይላል። ሰዓት እያዩ መቆም እንጂ በግምት መተው አይገባም። ቧንቧው በኃይል መክፈትም አያስፈልግም፤ ለስለስ ብሎ ከቃጠሎው በላይ ካለው ጤነኛ ቆዳ ጀምሮ ወደታች ይፍሰስ።

ቧንቧው ደርቆ ከሆነስ? ጀሪካን ከቧንቧ የሚተናነስ አይደለም። በጣሳ እየቀዱ በደቂቃ አንድ ሊትር ያህል ቀስ አድርገው ካፈሰሱ ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን በትክክል ለ20 ደቂቃ ይበቃል። ያለው ውሃ ከዚያ ካነሰ ከሥር ሳፋ ተደርጎ የወረደው መልሶ ይቀዳ፤ ሳፋው የታጠበ ይሁን፣ ውሃውም እየሞቀ ከመጣ ይለወጥ። እኔ በዚህ ሰዓት ውሃው የተጣራ ይሁን አይሁን ብዬ ጊዜ አላባክንም፤ ለመጠጥ የሚሆን ውሃ ለዚህም ይሆናል።

ክንዱን በሳፋ ውሃ ውስጥ መንከር ሦስተኛ ምርጫ ነው። ለክንድ ይመቻል፤ ልጁ እናቱ ጭን ላይ ተቀምጦ እጁን ማስገባት ይችላል። ድክመቱ የቆመ ውሃ በቆዳው ዙሪያ ቶሎ መሞቁ ነው፤ ስለዚህ በየጊዜው ማማሰልና መቀየር ያስፈልጋል። እርጥብ ፎጣ ከዚህም ያንሳል። በደቂቃ ውስጥ የሰውነት ሙቀት ይወስድና ሞቃት መሸፈኛ ይሆናል። ሌላ ከሌለ ወይም በመኪና ውስጥ እየሄዳችሁ ከሆነ በየደቂቃው ወይም በየሁለት ደቂቃው እየነከራችሁ ቀይሩት፤ አንድ ጊዜ ጠቅልሎ መተው ዋጋ የለውም።

በረዶ ከውድድሩ ውጭ ነው። ሰው ቀዝቃዛ ከጠቀመ የበለጠ ቀዝቃዛ የበለጠ ይጠቅማል ብሎ ያስባል። በረዶ ግን የደም ሥሮችን ያኮማትራል፣ በሕይወትና በሞት መካከል ያለውን ክፍል ደም ያሳጣዋል፣ በራሱም ቆዳን ያቆስላል። ከማቀዝቀዣ የወጣ የበረደ ለስላሳ ጠርሙስም ቆዳው ላይ ተደግፎ አይያዝ።

የውሃው ሙቀት ወደ 15 ዲግሪ ቢሆን ይመረጣል፤ እስከ 25 ድረስም ይሠራል። በደጋው የቧንቧ ውሃ ያለ ምንም ዝግጅት እዚህ ውስጥ ይገባል። በቆላው ግን ጣሪያ ላይ ከተቀመጠ ሮቶ የሚወርደው ውሃ ቀትር ላይ ለብ ያለ ወይም የሚያቃጥል ሊሆን ስለሚችል በእንስራ ወይም በጋን ጥላ ውስጥ የተቀመጠው ይሻላል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትኖሩ ይህን በደንብ ታውቁታላችሁ፤ በበጋ ቀዝቃዛ ተብሎ የሚከፈተው ቧንቧ ራሱ ያቃጥላል። እዚያ የመጠጥ ውሃ ማቀዝቀዣው ያለበትን ቦታ ማሰብ ነው። ከማፍሰሳችሁ በፊት በራሳችሁ ክንድ ሞክሩት።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ጥንቃቄ አለ። ሕፃን ልጅ በፍጥነት ይበርደዋል፤ በተለይ ቃጠሎው ሰፊ ከሆነና ልጁ ከዓመት በታች ከሆነ። ውሃው ክንዱን እንጂ መላ ሰውነቱን አያርስ፤ ሌላው አካሉ በደረቅ ጋቢ ይሸፈን። መንቀጥቀጥ ከጀመረ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም መፍዘዝ ካሳየ ማፍሰሱ ይቁምና ይሞቅ።

አሁን ወደ አባትየው እንመለስ። መጀመሪያ ማቀዝቀዝ ነው ወይስ መጀመሪያ መሮጥ? በክንድ ላይ ላለ ቃጠሎ መልሴ ግልጽ ነው፤ ቤት ውስጥ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ መሄድ። በመንገድና በካርድ ክፍል የሚያልፈው ጊዜ ቆዳው የሚቃጠልበት ጊዜ ነው። ከዚህ የሚለየው ልጁ በጭስ በታፈነ ቤት ውስጥ ከነበረ፣ ድምፁ ከጎረነነ፣ መተንፈስ ከከበደው ወይም ፊቱና ደረቱም ከተቃጠሉ ነው፤ ያኔ መኪናውም ውሃውም እኩል ይፈለጋሉ። ሳይቀዘቅዝ የመጣ ልጅም ዕድሉ አላለፈም፤ ከቃጠሎው በኋላ እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ማቀዝቀዝ ጥቅም አለው። ጤና ጣቢያ ስትደርሱ ቤት ውስጥ እንዳልቀዘቀዘ ተናገሩና እዚያው ውሃ እንዲፈስለት ጠይቁ።

ከኩሽና የሚመጡት

የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ ሊጥ፣ እንቁላል፣ የቡና ዱቄትና አመድ በአንድ መደብ ይቀመጣሉ። የሚጎዱባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው። ቅባትና ሊጥ ሙቀቱን ቆዳው ውስጥ ያምቃሉ። ጥሬ እንቁላል፣ አመድና ዱቄት ጀርም ያስገባሉ። ሁሉም ደግሞ የቁስሉን ቀለም ይሸፍናሉ፤ ቀለሙ ደግሞ ጥልቀቱን የምናነብበት ነው። በእርጥብ ቁስል ላይ ደርቆ የተጋገረ ቡና ለማስለቀቅ የሚፈጀው ጊዜና ልጁ የሚያለቅሰው ለቅሶ ለብቻው ቅጣት ነው። ቀድሞ የተቀባ ነገር ካለ በሚፈሰው ውሃ ይታጠብ፤ በጣት አይፋቅ።

ሐምራዊው መድኃኒት፣ ጀንሺያን ቫዮሌት፣ ከመድኃኒት ቤት ስለሚመጣ ብቻ ከእነዚህ ይለያል ተብሎ ይታሰባል። ለቃጠሎ ግን ተመሳሳይ ችግር ያመጣል፤ ክንዱ ሁሉ ሐምራዊ ሲሆን ሐኪሙ የሚያየው ነገር የለም። እሬትን በተመለከተ ትንሽ ልለሰልስ፤ ቆዳው ሳይላጥ ቀይ ብቻ ለሆነ ቃጠሎ፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ከሆነ፣ ጉዳት የለውም። በተላጠ ቆዳ ላይ ግን ከጓሮ የተቆረጠ ተክል አይቀባም።

ክንዱን ማንበብ

መሸፈኛ ከመምረጥ በፊት ስፋቱንና ጥልቀቱን ማወቅ ይገባል። ስፋቱ የሚለካው በራሱ በልጁ መዳፍ ነው። ጣቶቹ ገጥመው የተዘረጋው የልጁ እጅ ከመላ ሰውነቱ ቆዳ አንድ በመቶ ገደማ ይሸፍናል። በእናንተ እጅ ከለካችሁ ታሳንሱታላችሁ። ቀልቶ ያልተላጠውና ውሃ ያልቋጠረው አይቆጠርም። አንድ ክንድ ከትከሻ እስከ ጣት ጫፍ ዙሪያውን ዘጠኝ በመቶ ነው፤ በልጅ ላይ አሥር በመቶ የሞላ ቃጠሎ ደግሞ በደም ሥር ፈሳሽ የሚፈልግ የሆስፒታል ጉዳይ ነው። ስለዚህ መላ ክንዱ ተቃጥሎ ወደ ደረቱ ጥቂት ካለፈ ወሰኑ ላይ ተደርሷል።

ጥልቀቱን ቀለም፣ እርጥበትና ሕመም ይናገራሉ። ቀይ፣ ደረቅና የሚያም ከሆነ ላይ ላዩን ነው፤ በሳምንት ውስጥ ያለ ጠባሳ ይድናል። ውሃ የቋጠረ፣ ሲላጥ ሥሩ ሮዝ፣ እርጥብና በጣም የሚያም፣ በንጹሕ ጣት ሲጫኑት ነጥቶ ወዲያው የሚቀላ ከሆነ መካከለኛ ነው፤ በደንብ ከተያዘ በሁለት ሳምንት ገደማ ይዘጋል። ሲጫኑት የማይነጣ ጠቆር ያለ ቀይ ወይም ቀይና ነጭ የተዥጎረጎረ ከሆነ፣ ሕመሙም ከሚጠበቀው ካነሰ፣ ጠልቋል። ነጭ፣ ቡናማ ወይም እንደ ቆዳ ጫማ የጠነከረና ስሜት የሌለው ከሆነ ሙሉ በሙሉ ገብቷል፤ በራሱ አይዘጋም። እዚህ ላይ ወላጆች የሚሳሳቱበት ቦታ አለ፤ ልጁ ዝም ሲል ቀለለው ይላሉ። ዝምታው ነርቮቹ ከመቃጠላቸው ሊሆን ይችላል።

በቤት ሊያዝ የሚችለው ከላይ ላዩን የቀላውና ከልጁ መዳፍ ያነሰ ጥቂት ውሃ የቋጠረው ብቻ ነው። ከዚያ የሰፋ፣ ወይም በመዳፍና በጣቶች፣ በክርን መታጠፊያና በእጅ አንጓ ላይ ያረፈ፣ ወይም የጠለቀ፣ ወይም ከዓመት በታች በሆነ ሕፃን ላይ የደረሰ ቃጠሎ በዚያው ቀን ባለሙያ ይየው። ክንዱን እንደ ቀለበት የዞረ ቃጠሎ ደግሞ ለብቻው አደገኛ ነው፤ እብጠቱ ደም ዝውውሩን ያንቃል። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከገረጡ ወይም ከጠቆሩ ሆስፒታል እንጂ ጤና ጣቢያ ላይ አትቆዩ። አዲስ አበባ ውስጥ የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ሕክምና ክፍል አለው።

ለመንገድ የሚሆነው መሸፈኛ

ከማቀዝቀዝ እስከ ሕክምና ድረስ የሚያስፈልገው ከአየርና ከአቧራ የሚከልል ጊዜያዊ ነገር ነው። ነፋስ የነካው የተላጠ ቆዳ ስለሚያም መሸፈኑ ራሱ ማስታገሻ ነው።

ምግብ የሚጠቀለልበት ስስ ፕላስቲክ ከሁሉ ይሻላል። አይጣበቅም፣ ሐኪሙ ሳይፈታ ያይበታል፣ ሲነሣም አያምም። ከጥቅልሉ የመጀመሪያው ዙር ይጣልና የሚቀጥለው ክንዱ ላይ በርዝመቱ ይነጠፍ። ዙሪያውን መጠምጠም ክልክል ነው፤ ክንዱ ሲያብጥ ያንቃልና። እጅና ጣቶች ከተቃጠሉ ንጹሕ ፌስታል እንደ ጓንት ማልበስ ይቻላል። ፕላስቲክ ከሌለ ታጥቦ የተተኮሰ የጥጥ ጨርቅ ሁለተኛ ነው፤ ንጹሕ የነጠላ ጫፍ ይሆናል። የሚጣበቅ ከሆነ በንጹሕ ውሃ ትንሽ ማራስ ነው። ብትን ጥጥና ለስላሳ ወረቀት ግን ፈጽሞ አይሁኑ፤ ክራቸው ቁስሉ ውስጥ ይቀራል፤ አንድ በአንድ በመቆንጠጫ ሲለቀም የሚሠቃየውም ልጁ ነው። ፕላስተርም ቁስሉን አይንካ።

ለሳምንታት የሚሆነው መሸፈኛ

እዚህ ላይ ነው ክርክሩ። በአገራችን መካከለኛ ጥልቀት ላለው ቃጠሎ የሚቀርቡት በዋነኝነት ሁለት ናቸው፤ በቫዝሊን የራሰው ስስ የቁስል ጨርቅ፣ ቫዝሊን ጎዝ፣ እና ነጩ የብር ቅባት፣ ሲልቨር ሰልፋዲያዚን።

ብዙ ሰው ቅባቱን ይመርጣል፤ መድኃኒት ያለው ስለሆነ የበለጠ የሚያድን ይመስላል። ለንጹሕና ላይ ላዩን ለሆነ ቃጠሎ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። ቅባቱ ከሌሎች መሸፈኛዎች ጋር ሲወዳደር መዳንን ያዘገያል። በቁስሉ ላይ መግል የሚመስል ነጭ ቢጫ ሽፋን ይሠራል፤ ይህ ወላጅን ያስደነግጣል፣ ጥልቀቱን ለማየትም ያስቸግራል። ከሁሉ በላይ በየቀኑ ታጥቦ መቀየር አለበት፤ ያ ማለት የሁለት ዓመት ልጅ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ያንኑ ሥቃይ ይጋፈጣል። ከሁለት ወር በታች ላለ ሕፃንና ሰልፋ የሚባሉት መድኃኒቶች ለማይስማሙት ልጅ ደግሞ ጨርሶ አይሰጥም። ለጠለቀ፣ ለቆሸሸ ወይም ኢንፌክሽን ለጀመረው ቃጠሎ ግን ቦታ አለው፤ እዚያ አልከራከርም።

ቫዝሊን ጎዝ ትሑት ነው። ጀርም አይገድልም። ሥራው ቁስሉ እርጥብ ሆኖ አዲስ ቆዳ እንዲሠራ መፍቀድና ሲነሣ ያንን አዲስ ቆዳ ይዞ አለመሄድ ነው። በየሁለትና ሦስት ቀኑ ብቻ ይቀየራል። የሚከሽፈው ስስ ተደርጎ ሲነጠፍ ነው፤ አንድ ድርብ ብቻ ከተደረገ ይደርቅና ይጣበቃል፣ ከዚያ ደም እያፈሰሰ ይላቀቃል። ሁለት ወይም ሦስት ድርብ ይነጠፍ፣ በላዩ የሚመጥ ደረቅ ጎዝ በዛ ተደርጎ ይጨመር፣ በላዩ ፋሻ። ፋሻው ከጣቶች ወደ ላይ ላላ ተደርጎ ይጠምጠም፤ የተቃጠሉ ጣቶች እያንዳንዳቸው ለብቻ ይሸፈኑ፤ አንድ ላይ ከታሰሩ እርስ በርስ ተጣብቀው ይድናሉ። የልጄ ክንድ ቢሆን የምመርጠው ይህንን ነው።

ሦስተኛው የብር ንጥረ ነገር ያለበት ወይም በሲሊኮን የተሸፈነ ስፖንጅ መሰል መሸፈኛ ነው። ከሦስት እስከ ሰባት ቀን ሳይነካ ይቆያል፣ ሲነሣ ብዙ አያምም፤ ለሕፃን ከሁሉ ይመረጣል። እዚህ የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው፣ ዋጋውም ይከብዳል። በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ወላጆች ግን ሐኪሙ ይህን ለጥፎ ከሳምንት በኋላ ተመለሱ ሲላቸው ልጃችን ችላ ተባለ ብለው ይጨነቃሉ፤ አንዳንዶችም ቤት ገብተው ፈትተው ያጥቡታል። አትፍቱት፤ ጥቅሙ ባለመፈታቱ ነው።

ማርስ? ለቁስል ተብሎ በጨረር የመከነ ማር መካከለኛ ቃጠሎን ከአንዳንድ የተለመዱ መሸፈኛዎች ቀድሞ እንደሚያድን የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። ከገበያ የመጣው የጠጅ ማር ግን ሌላ ነው፤ ሰም፣ አቧራና በሙቀት የማይሞቱ የጀርም ዘሮች ይኖሩበታል። ማሩን ዳቦ ላይ አድርጉት። ክፍት መተውን በተመለከተም፣ ለፊት ቃጠሎ ይሠራበታል፤ መሬት ላይ የሚድህ፣ ዝንብ የሚያርፍበትና የሚያክክ ልጅ ክንድ ላይ ግን አይሠራም።

ውሃ የቋጠረውን ማፍረስ የሚለው ጥያቄ መጠን ይወስነዋል። ከአተር ፍሬ የማይበልጠው ይተው፤ ቆዳው ራሱ መሸፈኛ ነው። ትልቁን፣ የተወጠረውንና መታጠፊያ ላይ ያለውን ባለሙያ በንጹሕ መሣሪያ ይክፈተው። በቤት መርፌ አይወጋ።

አንድ ክንድ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

12 ኪሎ የሚመዝን የሁለት ዓመት ልጅ የሻይ ብርጭቆ ከጠረጴዛ ጎትቶ በግራ ክንዱ ላይ ደፋው እንበል። ሹራቡ ወልቋል፣ ውሃ ስለሌለ ከጀሪካን በጣሳ 20 ደቂቃ ፈሶለታል። ከእጅ አንጓው እስከ ክርኑ በውስጥ በኩል ቆዳው ተልጧል፤ በራሱ መዳፍ ሲለካ ሦስት ይሆናል፣ ማለትም ሦስት በመቶ። አብዛኛው ሮዝና እርጥብ ነው፤ ክርኑ መታጠፊያ ላይ ያለች አንዲት ቦታ ግን ጠቆር ያለች ቀይ ነች፣ ስትጫንም አትነጣም።

ለሕመሙ ፓራሲታሞል በኪሎ 15 ሚሊ ግራም ይሰላል፤ 12 በ15 ሲባዛ 180 ሚሊ ግራም ነው። ሽሮፑ በየ5 ሚሊ ሊትሩ 120 ሚሊ ግራም የያዘ ከሆነ 7.5 ሚሊ ሊትር ይሆናል። በየስድስት ሰዓቱ ይደገማል፣ በቀን ከአራት ጊዜ አይበልጥም። የሽሮፑ ጥንካሬ ስለሚለያይ ጠርሙሱ ላይ ያለው ይነበብ። አስፒሪን ለልጅ አይሰጥም። ክንዱ በስስ ፕላስቲክ ተሸፍኖ፣ ከፍ ተደርጎ ተይዞ፣ ልጁም ጡት ወይም ውሃ እየጠጣ ጤና ጣቢያ ይደርሳል።

እዚያ ይታጠባል፣ የተንጠለጠለው የሞተ ቆዳ ይነሣል፣ በቫዝሊን ጎዝ ይታሸጋል። የክትባት ካርዱ ይታያል፤ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት የሚሰጡት ክትባቶች የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያን ይዘዋልና ተሟልተው ከሆነ ጥሩ ነው። ለመከላከል ተብሎ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ አያስፈልግም፤ ያለ ኢንፌክሽን ሲሰጥ የሚያተርፈው መድኃኒት የለመደ ጀርም ነው።

በሁለተኛው ቀን ይከፈታል። ይህ ቀጠሮ መዝለል የለበትም፤ ቃጠሎ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት መልኩን ይለውጣል። ከመከፈቱ ግማሽ ሰዓት ያህል በፊት ፓራሲታሞሉ ይሰጥ፣ ጎዙም በንጹሕ ውሃ ርሶ ቀስ ብሎ ይነሣ። ሮዙ ክፍል እንደነበረ ነው፤ ክርኑ ላይ ያለችው ቦታ ግን ነጣ ብላለች። ጠልቃለች ማለት ነው። በ12ኛው ቀን ሌላው ተዘግቶ እሷ ብቻ እንደ አንድ ብር ሳንቲም ክፍት ቀርታለች። ቦታዋ ትንሽ ብትሆንም መታጠፊያ ላይ ነች። ከሦስት ሳምንት በላይ ክፍት የቆየ ቃጠሎ ወፍራም ጠባሳ የማውጣት ዕድሉ ከፍተኛ ስለሆነ ሦስተኛው ሳምንት ሳይሞላ ልጁ ወደ ቀዶ ሐኪም ይላካል።

በመካከሉ የሚያሰጉ ምልክቶች አሉ። ሕመሙ እየቀነሰ ቆይቶ ከጨመረ፣ በዙሪያው ያለው ጤነኛ ቆዳ እየቀላና እየሞቀ ከሰፋ፣ ጠረኑ ከተለወጠ ወይም አረንጓዴ ፈሳሽ ፋሻውን ካራሰ ኢንፌክሽን ነው። ሌላም አለ፤ ብዙ ሰው የማያውቀው። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት፣ ቁስሉ ንጹሕ እየመሰለ፣ ልጁ ድንገት ከፍ ያለ ትኩሳት፣ ሽፍታ፣ ትውከት ወይም ተቅማጥ ካሳየና ከፈዘዘ፣ ከትንሽ ቃጠሎ የሚነሣ የጀርም መርዝ ሊሆን ይችላል። ቁስሉ ትንሽ ስለሆነ ጉንፋን ነው ተብሎ ይታለፋል። በዚያው ሰዓት ሆስፒታል የሚያስኬድ ነው።

ክርኑ ታጥፎ ሲቀመጥ ለልጁ ይመቸዋል፤ ችግሩም እሱ ነው። ታጥፎ የዳነ ክርን ታጥፎ ይቀራል። ስለዚህ ማታ ማታ ክንዱ ተዘርግቶ በመደገፊያ ይታሰራል፣ ቀን ቀን በጨዋታ እንዲዘረጋው ይደረጋል፤ ኳስ ማንከባለል፣ ከፍ ያለ ነገር እንዲያወርድ ማድረግ ይበቃል። ከተዘጋ በኋላ አዲሱ ቆዳ ደረቅና የሚያሳክክ ስለሆነ ሽታ የሌለው ቫዝሊን በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ እየተቀባ በጣት ይታሽ፣ ለአንድ ዓመት ያህልም በእጅጌ ከፀሐይ ይከለል፤ አለዚያ ቀለሙ ይዥጎረጎራል። ጠባሳው እየወፈረና እየጠነከረ ከመጣ ወይም ክርኑ ሙሉ በሙሉ አልዘረጋ ካለ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጋ መሄድ የሚያስፈልገው በዚያው ወር ነው፤ ልጁ እስኪያድግ አይጠበቅም።